የአባቴን የደረት ራጅ መስኮት ላይ ይዘው ፎቶ አንስተው ላኩልኝ፤ ለምን ማንም አይቶ አይነግረኝም?

ማህደር (ዱባይ)
ቅዳሜ፣ ማታ 1:40

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ያለሁት ዱባይ ነው፤ አባቴ 63 ዓመቱ ነው፣ ደብረ ታቦር ነው የሚኖረው። የዛሬ ዘጠኝ ቀን የጎተራ ክዳን ሊያበጅ ወጥቶ ከመሰላል ወደቀና በግራ ጎኑ አረፈ። መጀመሪያ "ምንም አልሆንኩም" ብሎ ዝም አለ። ኋላ "ስተነፍስ ይወጋኛል" ማለት ሲያበዛ ታናሽ ወንድሜ ትናንት ወስዶ ደረቱን ራጅ አስነሳው። ፊልሙን በካኪ ፖስታ አድርገው ሰጧቸው፤ ሐኪሙ የሚገባው ሰኞ ነው ተብለው ወደ ቤት ተመለሱ።

ወንድሜ ፊልሙን ሳሎን መስኮት ላይ ይዞ በስልኩ አነሳውና በቴሌግራም ላከልኝ። ከታች አያይዤዋለሁ። በፎቶው በስተቀኝ ባለው ሳንባ፣ ታችኛው ክፍል ላይ፣ እንደ ጥጥ የነጣ ነገር ይታየኛል። ካየሁት ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም፤ ቲቢ ነው ወይስ ሌላ የማልፈልገው በሽታ እያልኩ ነው። እዚህ ለማውቃት ነርስ አሳየኋት፣ "ከዚህ ተነስቼ ምንም ልልሽ አልችልም" አለችኝ። አዲስ አበባ ያለ ሐኪም ዘመዳችንም ቃል በቃል እንደዚያው። ለምን እንደሆነ ግን አንዳቸውም አላስረዱኝም። ፎቶው ለእኔ ጥርት ያለ ነው፤ የጎን አጥንቶቹን አንድ በአንድ መቁጠር እችላለሁ። ምኑ ነው የጎደለው?

---

ጋሽ ተፈራ
ቅዳሜ፣ ማታ 1:58

እግዚአብሔር ይማርልሽ ልጄ። እኔ የምመክርሽ አንድ ነገር ነው፤ ለወንድምሽ ደውለሽ ፊልሙን ከብርሃን እንዲያርቀው ንገሪው። የድሮ ፎቶ ቤት እሠራ ነበር። ፊልም ፀሐይ ካየ ይቃጠላል፣ ምስሉ ይጠፋል። ሐኪሞቹም እምቢ ያሉሽ ፊልሙ መስኮት ላይ ስለተበላሸ ሊሆን ይችላል።

---

ዮኒ ካሜራ
ቅዳሜ፣ ማታ 2:05

ችግሩ ቴሌግራም ነው። ፎቶን እንደ ፎቶ ስትልኪው በተለመደው አሠራሩ ረጅሙን ጎን ወደ 1280 ነጥብ ገደማ ያሳንሰዋል። የወንድምሽ ስልክ 50 ሜጋፒክስል ቢሆንም ለአንቺ የሚደርስሽ ከዚያ ውስጥ ቁራጭ ነው። እንደ ፋይል ይላክልሽ፣ ነገሩ ያልቃል። የዛሬ ስልኮች ካሜራ ከብዙ የሆስፒታል መሣሪያ ይበልጣል፤ ሐኪሞቹ ኃላፊነት ፈርተው ነው እንጂ ይታያል።

---

ከራጅ ክፍል
ቅዳሜ፣ ማታ 3:20

ማህደር፣ አባትሽን ይማርልሽ። ራዲዮግራፈር ነኝ፤ ሥራዬ ራጅ ማንሳት ነው፣ ውጤት የሚያነበው ራዲዮሎጂስቱ ነው። ስለዚህ አባትሽ ይህ አለው ወይም የለውም አልልሽም። ፎቶው ላይ ምን እንደጎደለ ግን ላሳይሽ እችላለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ነጩ ነገር። ፊልም እንደ መስታወት ነው፤ ከጀርባው ያለውን ያሳልፋል። ወንድምሽ የያዘው መስኮት ላይ ነው፣ ከመስኮቱ ውጭ ደግሞ ሰማይ፣ ዛፍ፣ የጎረቤት ቆርቆሮ አለ። ፎቶውን አጉልተሽ ከፊልሙ ጠርዝ ውጭ በስተቀኝ ያለውን እዪ፦ ነጭ ግድግዳ ወይም ደመና የሚመስል አለ፣ ልክ ፊልሙ ጠርዝ ላይ ይቆረጣል። አንቺ ያየሽው ጥጥ በዚያው ከፍታ ላይ ነው። ያ ነጭ ነገር ፊልሙ ውስጥ ይሁን ከፊልሙ ጀርባ፣ ከአንድ ፎቶ መለየት አይቻልም። መለየት ከፈለግሽ ወንድምሽ ፊልሙን ወደ ሌላ መስኮት ወስዶ ወይም አንድ ክንድ ያህል ወደ ጎን አዙሮ ድጋሚ ያንሳ። የሳንባ ነገር ከሆነ ከጎን አጥንቱ ጋር አብሮ ይሄዳል፤ የውጭ ነገር ከሆነ ቦታውን ይለቃል። ከላይ በኩል ሳንባውን አቋርጦ የሚያልፈው ቀጥ ያለ መስመርም የመስኮቱ ፍርግርግ ብረት ይመስለኛል፤ ግን "ይመስለኛል" ነው። እንዲህ ያለ ቀጭን መስመር ሳንባ ተበስቶ አየር ሲያመልጥ የሚታየውን የሳንባ ጠርዝ ሊመስል ይችላል፣ ለወደቀ ሰው ደግሞ የምንፈልገው አንዱ እሱን ነው።

ሁለተኛው ጨለማው ነው፤ ዮኒ ያልነካውም ይህን ነው። የደረት ፊልም ላይ ልብና አከርካሪው ያሉበት ነጣ ያለው ቦታ ከጀርባው የሚመጣውን ብርሃን ግማሽ ወይም ሲሶ ያህል ያሳልፋል። ሳንባው ግን ጥቁር ነው፤ ከ100 እጅ 1 ወይም 2 ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ከሰውነቱ ውጭ ያለው ድፍን ጥቁር ከ1000 እጅ 1 ገደማ። በፊልሙ ዙሪያ ያለው ባዶ መስኮት ደግሞ ሙሉውን ይለቃል። ስልኩ ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲያይ ለመስኮቱ ብርሃን ራሱን ያስተካክላል። ፎቶው የሚቀመጥበት የብርሃን ደረጃ ከ0 እስከ 255 ነው። መስኮቱ 255 ላይ ሲያርፍ ሳንባው በሙሉ፣ ከላይ እስከ ታች፣ በግምት ከ25 እስከ 40 ባለው ውስጥ ይታጨቃል። ለሁለት ሳንባ 15 ደረጃ! እኛ የምንፈልገው ልዩነት በዚያ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ደረጃ ነው፤ ስልኩ በጨለማ ውስጥ የሚፈጥረው ዝርዝር ነጠብጣብና ቴሌግራም ሲጨምቀው የሚጠፋው አንድ ላይ ሆነው ይበሉታል። አጥንቶቹን መቁጠር የቻልሽው የአጥንትና የሳንባ ልዩነት ሰፊ ስለሆነ ነው። የበሽታ ልዩነት እንደዚያ አይሰፋም።

ሆስፒታል ውስጥ ፊልም የምናይበት ቪው ቦክስ ብርሃኑ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ነው። በፊልሙ ዙሪያ የሚተርፈውን ብርሃን እንሸፍናለን፣ ክፍሉን እናጨልማለን። በጣም ጥቁር የሆነውን ቦታ ለማየት ደግሞ ጠንካራ ነጠላ አምፖል እናስጠጋለን። ዓይን በዚያ ላይ እየተዘዋወረ ለጨለማውም ለነጩም በየተራ ይለምዳል። ፎቶ ግን አንዴ ተነስቶ ያለቀ ነው፤ ያልያዘውን ጥቁር ብታነጪው ግራጫ ይሆናል እንጂ ምስል አይሆንም።

ሦስተኛ፣ አስተውለሽ ከሆነ ልቡ በፎቶው ወደ ግራሽ ያዘነብላል። በትክክል በተያዘ ፊልም ላይ ሰውየው ፊት ለፊትሽ እንደቆመ ስለሆነ ልቡ ወደ ቀኝሽ ነው የሚያዘነብለው። ወይ ወንድምሽ ፊልሙን ገልብጦ ይዞታል፣ ወይ ስልኩ ገልብጦታል፣ ወይም አባትሽ ልባቸው በቀኝ ከሆነ ጥቂት ሰዎች አንዱ ናቸው። የመጀመሪያው በጣም ይቀርባል፤ ግን የሚፈታው ፊልሙ ጥግ ላይ የምናስቀምጠው የ R ወይም የ L ፊደል ነው፣ እሱ በፎቶው ውስጥ የለም፣ ተቆርጧል። ፊልሙ የተገለበጠ ከሆነ አንቺ ያሳሰበሽ ሳንባ የቀኙ ነው፣ አባትሽ የወደቁት ደግሞ በግራ።

አራተኛውና እኔን ያሳሰበኝ፦ በፎቶው በስተግራ፣ ከታች፣ የወንድምሽ አውራ ጣት። የሳንባው የታችኛው ጥግ ያለው እዚያ ነው። ደም ወይም ውሃ ሳንባ ዙሪያ ሲጠራቀም፣ ሰውየው ቆሞ ከተነሳ፣ መጀመሪያ የሚወርደው ወደዚያ ጥግ ነው፤ ሹል የነበረው ጥግ ይደፈናል። ያ ጥግ በጣት ተሸፍኗል።

ጋሽ ተፈራ፣ የሚሉት ላልታጠበ ፊልም እውነት ነው። ራጁ ታጥቦ ወይም ታትሞ ከወጣ በኋላ ግን መስኮት ላይ ለደቂቃ ቢያዝ ምንም አይሆንም። አሁን የሚታተሙት ብዙዎቹ በሙቀት የሚሠሩ ስለሆኑ መኪና መስታወት ሥር ወይም ምድጃ አጠገብ ከተቀመጡ ይጠቁራሉ፤ ለዚያ ምክርዎ ይጠቅማል።

---

ትዕግሥት ሀ.
ቅዳሜ፣ ማታ 3:41

እኔ ግን በራሴ የደረሰውን ልንገራችሁ። ባለፈው ክረምት ጭቃ አዳልጦኝ ቁርጭምጭሚቴ ዞረ። የራጄን ፎቶ እንደዚሁ መስኮት ላይ አንስቼ ለአጎቴ ልጅ ላኩለት፤ ሐኪም ነው። በአምስት ደቂቃ ውስጥ "ተሰብረሻል፣ አጥንቱም ቦታውን ለቋል፣ አትርገጪው" አለኝ። ሄጄ ታየሁ፣ ልክ ነበር። ስለዚህ አይታይም ማለት ማካበድ ነው። ማህደር፣ ሌላ ሐኪም ሞክሪ።

---

ከራጅ ክፍል
ቅዳሜ፣ ማታ 4:02

እንኳን ዳንሽ ትዕግሥት። የአጎትሽ ልጅ አላጋነነም፤ የተለቀቀ ስብራት ከመጥፎ ፎቶም ላይ ይታያል። አጥንት ነጭ ነው፣ ዙሪያው ግራጫ ነው፣ ቦታውን የለቀቀው ደግሞ በሚሊ ሜትሮች ነው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ ያኔ ምንም ባይታየው ኖሮ "አልተሰበርሽም" ብሎ ቢልክልሽ ትረግጪው ነበር?

የአንድ የደረት ፊልም ርዝመት 43 ሴንቲ ሜትር ነው። ፎቶውን በሙሉ ሞልቶ ቢነሳና 1280 ነጥብ ሆኖ ቢደርስ እያንዳንዱ ነጥብ የፊልሙን አንድ ሦስተኛ ሚሊ ሜትር ያህል ይሸፍናል። የማህደር ወንድም እንዳነሳው ግማሹ ግድግዳና መጋረጃ ከሆነ ግማሽ ሚሊ ሜትር ይደርሳል። በእጅ አንጓ ላይ ያለች ትንሽ አጥንት ስትሰነጠቅ መስመሩ ከዚያ ሊቀጥን ይችላል። በእንዲህ ያለ ፎቶ ላይ አንዳንዴ "አለ" ማለት ይቻላል፤ "የለም" ማለት አይቻልም። የማህደር ጥያቄ ደግሞ ሐኪሞቹን "ደህና ነው በሉኝ" የሚል ነው።

---

ዮኒ ካሜራ
ቅዳሜ፣ ማታ 4:15

የጨለማውን ነገር ተቀብያለሁ። ግን መፍትሔ አለው። ስልኩ ላይ ሳንባውን በጣት ተጭኖ ብርሃኑን ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ አንድ ፎቶ ለሳንባው፣ አንድ ፎቶ ለልቡ። ኤችዲአር ካበራ ደግሞ ስልኩ ራሱ ሁለቱን ያዋህድለታል።

---

ከራጅ ክፍል
ቅዳሜ፣ ማታ 4:33

ሁለት ፎቶ ያልከው ትክክል ነው፤ እኔም ልለው ነበር። ኤችዲአሩን ግን አጥፉት። ስልኩ ፎቶ ሲያሳምር ጨለማውን ለብቻው ያነጣል፣ ነጩን ለብቻው ያጠቁራል፤ የአንዱ ሳንባ ከሌላው ጋር ያለው እውነተኛ ልዩነት ይዛባል። ጠርዞችን ደግሞ ስል ለማስመሰል በየጠርዙ ዳር ቀጭን ነጭና ጥቁር መስመር ይጨምራል። ለሠርግ ፎቶ ያምራል። እኛ ግን የምንፈልገው የሳንባ ጠርዝ ራሱ ቀጭን መስመር ነው፤ ስልኩ የሳለውን መስመር ከሰውየው መስመር መለየት አንችልም።

ማህደር፣ ሰኞ እስኪደርስ ድጋሚ ማንሳት ከፈለጋችሁ፣ ወንድምሽ ፀሐይ ቀጥታ የማይመታውን፣ ሰማይ ብቻ የሚታይበትን መስኮት ይምረጥና ነጭ ወረቀት መስታወቱ ላይ ይለጥፍ፤ ከኋላ ያለው ደመናና ዛፍ ይጠፋል። ፊልሙን በወረቀቱ ላይ በፕላስተር ጠርዙን ብቻ ያጣብቀው፣ በእጅ አይያዝ። በዙሪያው የሚተርፈውን መስኮት በጥቁር ካርቶን ወይም እንደ ጋቢ በተደራረበ ጨርቅ ይሸፍን። የክፍሉን መብራትና ፍላሹን ያጥፋ፤ አለበለዚያ የራሱ ሸሚዝ ፊልሙ ላይ ይንጸባረቃል። አንድ ሜትር ተኩል ያህል ርቆ፣ ስልኩን ከፊልሙ ጋር ትይዩ አድርጎ፣ ሁለት እጥፍ አጉልቶ ያንሳ፤ በጣም ቀርቦ ወይም ከሥር ወደ ላይ ሲነሳ ልቡ ከእውነተኛው ሰፍቶ ወይም ጠብቦ ይታያል። አራቱም ጥጎች፣ ስሙ፣ ቀኑና ፊደሉ ይግቡ። እንደ ፋይል ይላክ። ይህን ሁሉ አድርጎም ቪው ቦክስ አይሆንም፤ ግን ቢያንስ የምናየው ፊልሙን ይሆናል።

ከዚያ በፊት ግን፦ አባትሽ ቁጭ ብለው ሳሉ ትንፋሽ ካጠራቸው፣ ከንፈራቸው ከጠቆረ፣ ደም ያለበት አክታ ካዩ ወይም ካዞራቸው ሰኞን አትጠብቁ፣ ፎቶም አታንሱ፣ ዛሬውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዳቸው።

---

ጤና መኮንን ከወሎ
እሑድ፣ ጠዋት 1:12

ከራጅ ክፍል የጻፈውን አንብቤዋለሁ፤ ስለ ፎቶው ያለው ሁሉ ልክ ነው። ግን አንድ ነገር ልበል። እኔ ባለሁበት ራዲዮሎጂስት የለም፤ ቅርቡ የአራት ሰዓት መንገድ ነው። የደረት ፊልም ሲያጠራጥረኝ ፎቶ አንስቼ ለማውቃቸው ሐኪሞች እልካለሁ። ሁሉም "ከፎቶ አልናገርም" ቢሉኝ ታካሚውን በምን ልወስን? አንድ ወጣት ግማሽ ደረቱ በአየር ተሞልቶ መጥቶ ሳለ ፎቶውን ያየው ሐኪም ያረጋገጠልኝ በደቂቃዎች ውስጥ ነው። ያ ልጅ ዛሬ በሕይወት አለ።

---

ከራጅ ክፍል
እሑድ፣ ጠዋት 2:05

ወንድሜ፣ አንተ ታካሚውን ዳስሰሃል፣ ትንፋሹን አዳምጠሃል፣ ፊልሙንም በዓይንህ አይተሃል፤ ፎቶው ለሁለተኛ ዓይን ነው። ግማሽ ደረት አየር ደግሞ ሰፊ ነገር ነው። ማህደር ያላት ፎቶው ብቻ ነው። ይህ ልዩነት ይገባሃል ብዬ አምናለሁ።

ከዓመታት በፊት እኔ ያነሳሁት ፊልም በፎቶ ተልኮ "ንጹሕ ነው" የሚል መልስ መጣ፤ ታካሚዋ ወደ ቤቷ ሄደች። በሦስተኛው ቀን ተመልሳ ስትመጣ ያንኑ ፊልም ቪው ቦክስ ላይ ሰቀልነው፤ ሁለቱም ሳንባዎች ላይ እንደ ጤፍ ፍሬ የተበተነ ነገር ነበር። እያንዳንዱ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ፤ ፎቶው ላይ ግራጫ ጭጋግ ሆኖ አልፎ ነበር። እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

---

ጤና መኮንን ከወሎ
እሑድ፣ ጠዋት 2:30

ይገባኛል። ግን መልስ ሰጪው "ይህን አያለሁ፣ ይህን ማየት አልችልም" ብሎ ቢጽፍ ከዝምታ ይሻላል ባይ ነኝ። በዚህ አልስማማም።

---

ማህደር (ዱባይ)
እሑድ፣ ማታ 12:50

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አባቴ ደህና ነው፤ ትንፋሹ አልባሰም፣ ደም የለም። ወንድሜ እንዳላችሁት ነጭ ወረቀት ለጥፎ ድጋሚ አንስቷል። ጥጡ የለም! ከመስኮቱ ማዶ የጎረቤት ኖራ የተቀባ ግድግዳ ነበር። ያ ቀጥ ያለ መስመርም የለም። ፊደሉም ተገኝቷል፤ L ነው፣ በመጀመሪያው ፎቶ ፊልሙ ተገልብጦ ነበር። አሁን ልቡ በትክክለኛው ቦታ ነው።

ግን አሁን ጣቱ ስለተነሳ በግራ ሳንባው ታችኛውን ጥግ አየሁት። ከቀኙ ጋር ሳስተያየው ያ ሹል ጥግ የለም፤ ክብ ብሏል። እውነት ነው ወይስ እንደ ጥጡ የማይኖር ነገር ነው የማየው?

---

ከራጅ ክፍል
እሑድ፣ ማታ 1:25

እኔም አየሁት። ፊልሙ ከታች ትንሽ ስለተጠቀለለ ጥግ ያለው አካባቢ ታጥፎ ይታያል፤ ስለዚህ አልምልም። ግን የወደቁበት ጎን ስለሆነ ነገ ጠዋት በመጀመሪያው ሰዓት ይሂዱ። ሐኪሙ ፊልሙን ሲያይ ወንድምሽ "የግራውን ታችኛ ጥግ ይዩልኝ" ይበል። ማዘዝ አይደለም፤ ሐኪም ታካሚው የት እንዳመመው ሲነገረው ደስ ይለዋል። ሌላም ይጠይቅ፦ አባታችሁ የተነሱት ቆመው ነበር ወይስ ተኝተው? ተኝተው ከሆነ ውሃው ወደ ጀርባ ስለሚዘረጋ ጥጉ ንጹሕ መስሎ ሊታይ ይችላል።

---

ማህደር (ዱባይ)
ሰኞ፣ ከሰዓት 9:15

ከሐኪም ወጥተዋል። የተነሳው ቆሞ ነው። ቪው ቦክስ ላይ ሰቅለው ሲያዩት የግራው ጥግ በእውነት ተደፍኗል፤ ሳንባው ዙሪያ ትንሽ ፈሳሽ አለ፣ ምናልባት ከመውደቁ የመጣ ደም ነው አሉ። ከጎን ሌላ ራጅ አስነስተውት እሱም ላይ ታይቷል። አንድ የጎን አጥንትም የተሰነጠቀ ይመስላል ብለዋል፤ ግን በደረት ራጅ ላይ ያልተለቀቀ ስንጥቅ ቪው ቦክስ ላይም ቢሆን ሊያመልጥ ስለሚችል እርግጠኛ አልሆኑም። ቀኙ ሳንባ ላይ ምንም አላሉም። መድኃኒት ሰጥተውት በአራተኛው ቀን ተመልሶ ድጋሚ ይነሳል።

---

ከራጅ ክፍል
ሰኞ፣ ማታ 1:08

ተመስገን። 200 ሚሊ ሊትር ገደማ እስኪደርስ ከፊት በተነሳ ራጅ ላይ ያ ጥግ ላይደፈን ይችላል፤ ስለዚህ የአሁኑ ብዙ ባይሆንም የሚከታተሉት ነው። በአራተኛው ቀን ሲሄዱ የመጀመሪያውን ፊልም ይዘው ይሂዱ። ሐኪሙ ሁለቱን ጎን ለጎን ቪው ቦክስ ላይ ሰቅሎ ፈሳሹ ጨምሯል ወይስ ቀንሷል የሚለውን የሚያየው ከእሱ ነው። እዚያ ያለው ማሽን ዲጂታል ከሆነ ወንድምሽ ምስሉን በሲዲ ወይም በፍላሽ ይጠይቅ፤ ስሙ መጨረሻ ላይ .dcm የሚል ሊኖረውም ላይኖረውም ይችላል። ማሽኑ ከፊልሙ የበለጠ የግራጫ ደረጃ ስለሚይዝ ለአዲስ አበባው ዘመዳችሁ ልትልኩ የምትችሉት እሱን ነው፤ ያን ጊዜ ሐኪሙ ራሱ እያነጣና እያጠቆረ ያየዋል።

---

ዮኒ ካሜራ
ሰኞ፣ ማታ 1:30

እንኳን ደስ አለሽ ማህደር። ከራጅ ክፍል፣ አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ በመስኮቱ ፈንታ ላፕቶፕ ላይ ነጭ ገጽ ከፍቶ ፊልሙን እሱ ላይ ቢያነሳውስ?

---

ከራጅ ክፍል
ሰኞ፣ ማታ 1:52

ብርሃኑ እኩል ስለሆነ በዚያ በኩል ከመስኮት ይሻላል። ነገር ግን ስክሪኑ ላይ ከለጠፍከው የስክሪኑ ነጥቦች ከስልኩ ነጥቦች ጋር ተጋጭተው የማዕበል መስመር ይፈጥራሉ፤ ፊልሙን ጥቂት ሴንቲ ሜትር አርቀህ ያዘው ወይም በመካከል ነጭ ወረቀት አስገባ። የላፕቶፕ ብርሃን ደግሞ ከቪው ቦክስ በጣም ስለሚያንስ ጥቁሩ ሳንባ ውስጥ ብዙም አይገባም። የ43 ሴንቲ ሜትሩ ፊልምም ከብዙ ላፕቶፕ ስክሪን ስለሚተርፍ ከታች የሚቀረው እነዚያው ጥጎች ናቸው።

---

ጋሽ ተፈራ
ሰኞ፣ ማታ 2:10

ልጄ፣ አባትሽን ሰላም በይልኝ። መሰላል ላይ ዳግም አይውጣ። ፊልሙን ፖስታው ውስጥ አድርጋችሁ ከምድጃ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት።